የ15 ወር የስንጥቅ ልኬት፦ ከአራቱ ስንጥቆች የሚያሰጋው አንዱ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

የስንጥቅ ስፋት ብቻውን ብዙ አይናገርም። 4 ሚሊ ሜትር የተከፈተ ስንጥቅ ከብዙ ዓመት በፊት ተንቀሳቅሶ የቆመ ሊሆን ይችላል፤ 1 ሚሊ ሜትር ያልሞላው ደግሞ ዛሬም እየሄደ ይሆናል። በግድግዳ ላይ መለኪያ የሚተከለው እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነው። ጥያቄው «ስንት ሰፋ?» ብቻ አይደለም፤ «ወዴት እየሄደ ነው? በምን ፍጥነት? ተመልሶ ይገጥማል ወይስ አይገጥምም?» የሚለው ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ሕንፃ እንከተለው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተዘጋጁ ቢሆኑም እንዲህ ባለ ሕንፃ ላይ ሊገጥም የሚችለውን መጠን ጠብቀው የተሠሩ ናቸው። ሕንፃው ሦስት ፎቅ ነው፤ ግድግዳው ሸክም ተሸካሚ ጡብ፣ ወለሎቹ የኮንክሪት ሶሌታ ናቸው። አራት ስንጥቆች ላይ መለኪያ ተተክሎ በየሦስት ወሩ ለ15 ወር ተነቧል። ነጥብ ሀ በላይኛው ፎቅ የውጭ ግድግዳ መካከል ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅ ነው። ነጥብ ለ በምድር ቤቱ ማዕዘን አጠገብ፣ የጡቡን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ነው፤ ከግርጌው የጣሪያ ውሃ መውረጃ ቱቦና አንድ ማንሆል አሉ። ነጥብ ሐ በውስጥ ክፍልፋይ ግድግዳ ላይ፣ ነጥብ መ ደግሞ በኋለኛው የውጭ ግድግዳ ላይ ይገኛሉ።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል

በየነጥቡ ሦስት ትናንሽ ፒኖች በኢፖክሲ ተተክለዋል። ሁለቱ (A እና B) ከስንጥቁ በአንድ ወገን፣ አንዱ በሌላው በላይ በ100 ሚሊ ሜትር ርቀት ይቆማሉ፤ ሦስተኛው (C) ከስንጥቁ ማዶ ነው። አንባቢው በዲጂታል ካሊፐር ሦስቱን ርቀቶች ይለካል። ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ሁለት ነገር ይሰላል፤ እያንዳንዱ ከመነሻው ንባብ ያለው ልዩነት እንቅስቃሴውን ይሰጣል፦ ስንጥቁ ምን ያህል እንደተከፈተ (x)፣ እና አንደኛው ወገን ከሌላው አንጻር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ምን ያህል እንደተንሸራተተ (y)።

```
y = (AC² − BC² + AB²) / (2 × AB)
x = √(AC² − y²)
```

ሦስተኛው ፒን ትርፍ ይመስላል እንጂ ብዙ ጥቅም አለው። መጀመሪያ፣ መንሸራተቱን የሚያሳየው እሱ ነው፤ በሁለት ፒን የሚለካ ሰው መክፈቱን ብቻ ያያል፣ መስመጡ ያመልጠዋል። ከዚያም የመለኪያው ጤንነት የሚፈተንበት መንገድ ይሰጣል። A እና B በአንድ ወገን፣ በአንድ የግድግዳ አካል ላይ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው ርቀት ፈጽሞ መለወጥ የለበትም። ከተለወጠ የተንቀሳቀሰው ሕንፃው ሳይሆን ፒኑ ነው። ወደዚህ ነጥብ መ ላይ ስንደርስ እንመለሳለን።

ፒኖቹ ልስኑን አልፈው ጡቡ ውስጥ መግባት አለባቸው። ልስን ከጡቡ ተላቆ ለብቻው ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ልስን ላይ የተለጠፈ መለኪያም የሚነግረን የልስኑን ታሪክ ነው። ባለ ፍርግርግ የፕላስቲክ መለኪያ መጠቀምም ይቻላል። እሱን ያለ መሣሪያ በዓይን ማንበብ ይቻላል፤ ግን መስመሮቹ በ1 ሚሊ ሜትር የተከፈሉ ስለሆኑ በግምት እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ድረስ ብቻ ነው የሚታመነው። በምሳሌያችን ውሳኔውን የሚያስለውጡት ልዩነቶች ከዚያ ያነሱ ናቸው።

የካሊፐሩ መስኮት እስከ 0.01 ሚሊ ሜትር ቢያሳይም ያን ሁሉ ማመን አይገባም። አንድ ሰው ያንኑ ርቀት አምስት ጊዜ ደጋግሞ ቢለካ ቁጥሮቹ በ0.05 ገደማ ወደላይም ወደታችም ይዋዥቃሉ። ስለዚህ በሁለት ንባቦች መካከል ያለ 0.1 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልዩነት እንደ እንቅስቃሴ አይቆጠርም። ይህን ወሰን በግልጽ ያልጻፈ ሪፖርት አንባቢውን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል፤ አለበለዚያም ያለ ምክንያት ያረጋጋል።

ሀ እና ሐ፦ የሚንቀሳቀስ ግን የማይሄድ፣ ጨርሶም የማይንቀሳቀስ

በነጥብ ሀ የተገኘው ንባብ እንዲህ ነው፦ መነሻው 0፣ በ3ኛው ወር −0.25፣ በ6ኛው −0.50፣ በ9ኛው −0.30፣ በ12ኛው −0.05፣ በ15ኛው −0.25 ሚሊ ሜትር። የመቀነስ ምልክት ስንጥቁ ከመነሻው ይልቅ መግጠሙን ያሳያል። ቁጥሩን ለብቻው ያየ ሰው «ስንጥቁ ገጥሞ ነበር፤ ከ6ኛው ወር ወዲህ ግን በፍጥነት እየተከፈተ ነው» ሊል ይችላል። ከንባቡ ጎን የተጻፈውን የግድግዳ ሙቀት ሲያይ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ 14፣ 20፣ 27፣ 21፣ 15፣ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ። ግድግዳው ሲሞቅ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ሲቀዘቅዝ ይከፈታል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.04 ሚሊ ሜትር ያህል።

ይህ መጠን ሊታመን የሚችል መሆኑን በቀላል ስሌት ማረጋገጥ ይቻላል። 1 ሜትር የጡብ ግድግዳ በ1 ዲግሪ ሙቀት 0.006 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ግድግዳው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 10 ሜትር ከሆነና በ13 ዲግሪ ከሞቀ፣ ሙሉው መርዘም በዚህ አንድ ስንጥቅ ላይ ቢያርፍ 0.78 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የተለካው 0.50 ነው፤ ከዚህ ከፍተኛ መጠን በታች ነው፣ ከፊሉ በሌላ ቦታ መዋጡም የሚጠበቅ ነው። የተለካው ቁጥር ከ0.78 በላይ ቢሆን ኖሮ ሙቀት ብቻውን ስለማያስረዳው ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ነበር።

ወሳኙ ማስረጃ ግን ተመሳሳይ ወቅትን ከተመሳሳይ ወቅት ጋር ማነጻጸር ነው። በ3ኛውና በ15ኛው ወር ግድግዳው 20 ዲግሪ ነበር፤ ንባቡም ሁለቱንም ጊዜ −0.25 ነው። ዓመቱ ዞሮ ስንጥቁ ወደነበረበት ተመልሷል። ልኬት ከአንድ ዓመት ማነስ የለበትም የሚባለውም ለዚህ ነው፤ በ6 ወር ብናቆም ኖሮ ዑደቱን ከአዝማሚያ መለየት አንችልም ነበር።

ነጥብ ሐ አያከራክርም። ስድስቱም ንባቦች ከ−0.05 እስከ +0.05 መካከል ናቸው። ይህ የመለኪያው መዋዠቅ እንጂ የግድግዳው እንቅስቃሴ አይደለም። ስንጥቁ ሞቷል፤ ተሞልቶ ቀለም ይቀባል።

መ፦ ሕንፃው ያልሠራው ዝላይ

ነጥብ መ ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ጸጥ ብሎ ቆይቶ በ9ኛው ወር በአንዴ ወደ 1.35 ሚሊ ሜትር ዘለለ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አልተነቃነቀም። ከአራቱም ነጥቦች በአንድ ጊዜ ትልቁን ለውጥ ያሳየው ይህ ስለሆነ ሪፖርቱን የሚገልጥ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

የA–B ርቀት ሲታይ ግን በዚያው በ9ኛው ወር ከ100.00 ወደ 98.80 ሚሊ ሜትር አጥሯል። ሁለቱ ፒኖች በአንድ ወገን ስለሆኑ ይህ ሊሆን የሚችለው አንዱ ፒን ተገጭቶ ወይም ኢፖክሲው ለቆ ሲቀር ነው። መሰላል የተደገፈበት፣ ቀለም የተቀባበት ወይም ዕቃ የተጫነበት ግድግዳ ላይ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል። መፍትሔው ቁጥሩን መሰረዝ ወይም በግምት ማስተካከል አይደለም። ፒኑ እንደገና ይተከላል፣ አዲስ መነሻ ንባብ ይወሰዳል፣ በሪፖርቱ ላይም ከዚህ ቀን ጀምሮ ተከታታዩ መቋረጡ ይጻፋል። ከ9ኛው ወር በኋላ ያሉት ንባቦች ለብቻቸው ሲታዩ ለውጣቸው 0.05 ብቻ ነው፤ ሆኖም ስለ ነጥብ መ በሙሉ ልብ ለመናገር ከአዲሱ መነሻ ቀጥሎ አንድ ሙሉ ዓመት ያስፈልጋል።

እውነተኛ ዝላይም አለ። የA–B ርቀት ሳይለወጥ በአንዴ የተከፈተ ስንጥቅ፣ በተለይ በአቅራቢያው ቁፋሮ ወይም የውሃ ፍንዳታ ካለ፣ በዚያው ቀን መሐንዲስ ሊያየው ይገባል።

ለ፦ ጥሬው ንባብ የሚያሳስተው ስንጥቅ

ነጥብ ለ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ። ሙቀት እዚህም ይሠራል፤ ከሙቀቱ ሥር ግን ሌላ እንቅስቃሴ ተደብቋል። ለመለየት በመጀመሪያ ሙቀቱ በዚህ ስንጥቅ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀላሉ ዘዴ በአንድ ቀን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ መለካት ነው። በምሳሌያችን ጠዋት ግድግዳው 12 ዲግሪ፣ ከሰዓት 22 ዲግሪ ነበር፤ ስንጥቁ በ0.20 ሚሊ ሜትር ገጠመ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሠረቱ ይህን ያህል አይሄድም፤ ስለዚህ ለውጡ የሙቀት ነው፦ በ1 ዲግሪ 0.02 ሚሊ ሜትር። አሁን እያንዳንዱን ንባብ ግድግዳው ሁልጊዜ 14 ዲግሪ ቢሆን ወደሚሰጠው ቁጥር መመለስ እንችላለን፤ ከ14 በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.02 እንጨምራለን።

| ወር | የግድግዳ ሙቀት | ጥሬ ንባብ (ሚ.ሜ) | ከሙቀት የጸዳ (ሚ.ሜ) |
|---|---|---|---|
| 0 | 14 | 0.00 | 0.00 |
| 3 | 20 | 0.20 | 0.32 |
| 6 | 27 | 0.35 | 0.61 |
| 9 | 21 | 0.75 | 0.89 |
| 12 | 15 | 1.20 | 1.22 |
| 15 | 20 | 1.60 | 1.72 |

ጥሬውን ንባብ በየሦስት ወሩ ብናየው ጭማሪው 0.20፣ 0.15፣ 0.40፣ 0.45፣ 0.40 ነው። ከዚህ የሚነበበው ታሪክ እንዲህ ይሆናል፦ መጀመሪያ ዝግ ብሎ ሄደ፣ በዓመቱ አጋማሽ ፈጠነ፣ አሁን ደግሞ መርጋት ጀምሯል። ከሙቀት የጸዳው ግን 0.32፣ 0.29፣ 0.28፣ 0.33፣ 0.50 ነው። ይህ ፈጽሞ ሌላ ታሪክ ነው። ስንጥቁ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ፍጥነት ሲከፈት ነበር፤ በመሀል የፈጠነ የመሰለው ግድግዳው ስለቀዘቀዘ ነው። መጨረሻ ላይ የረጋ የመሰለው ደግሞ ግድግዳው ከ15 ወደ 20 ዲግሪ ስለሞቀ ሙቀቱ የመክፈቱን ከፊል ሸፍኖት ነው። በጥሬው ንባብ ላይ ተመሥርቶ «እየረጋ ነው፣ እንጠብቅ» ያለ ሰው ልክ ነገሩ ሊፋጠን በሚችልበት ሰዓት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ ማለት ነው።

የጠዋትና የከሰዓት ፈተናው የራሱ ድክመት አለው። በአንድ ቀን የሚሞቀው የግድግዳው ገጽ ነው፤ በወቅቶች መለዋወጥ የሚሞቀው ሙሉ አካሉ ነው። ስለዚህ በዲግሪ 0.02 የሚለው ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ድምዳሜያችን በዚህ ግምት ላይ እንዳይንጠለጠል በሌላ መንገድ እንፈትነው። በ3ኛውና በ15ኛው ወር ግድግዳው እኩል 20 ዲግሪ ነበር፤ ምንም ማስተካከያ አያስፈልግም። ልዩነቱ 1.60 ሲቀነስ 0.20፣ 1.40 ሚሊ ሜትር ነው። ከመነሻው እስከ 12ኛው ወር ያለው ደግሞ 1.20 ነው፤ በመካከላቸው የሙቀቱ ልዩነት 1 ዲግሪ ብቻ ነበር። ሁለቱም የ12 ወር ርዝመት አላቸው፤ የዓመቱ እንቅስቃሴ ከ1.2 ወደ 1.4 ከፍ ብሏል።

መፋጠኑ ተረጋግጧል ወይ? ገና አይደለም። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሩብ ዓመታት መካከል ያለው ልዩነት 0.17 ነው፤ የሦስት ንባብ መዋዠቅ ቢደማመር ይህን ሊያክል ይችላል። የተረጋገጠው እንቅስቃሴው አለመቆሙና አለመመለሱ ነው። መፋጠኑ ግን ጥርጣሬ ነው፤ ለዚህ ጥርጣሬ የሚሰጠው መልስ ሦስት ወር ጠብቆ ማየት ሳይሆን ንባቡን ማቀራረብ ነው። በእርግጥ ይህ ነጥብ ከ6ኛው ወር ጀምሮ በየወሩ መነበብ ነበረበት። በየሦስት ወሩ መነበብ እንደ ሀ ላለው ስንጥቅ ይበቃል፤ ለሚሄድ ስንጥቅ ግን አይበቃም።

መንሸራተቱም ያንኑ ይናገራል። በማዕዘኑ በኩል ያለው ወገን ከሌላው አንጻር በየሦስት ወሩ በድምሩ 0.20፣ 0.40፣ 0.55፣ 0.80፣ 1.10 ሚሊ ሜትር ወርዷል። መከፈቱና መውረዱ አንድ ላይ ሲቆጠሩ የማዕዘኑ አጠቃላይ እንቅስቃሴ በ15 ወር 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ምክንያቱን ቅርጹ ይጠቁማል

ስንጥቁ ከላይ 4.7፣ ከመካከል 3፣ ከታች 1 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ፣ በሰያፍ የሄደና በማዕዘኑ በኩል የወረደ ስንጥቅ በማዕዘኑ ሥር ያለው አፈር ድጋፍ ማጣቱን ያመለክታል፤ ማዕዘኑ እየወረደ ወደ ውጭ ያዘነብላል። የግድግዳው መካከል ቢሰምጥ ኖሮ ስንጥቁ ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ ይጠብ ነበር።

አፈሩ ለምን ድጋፍ አጣ? ሸክላ አፈር በደረቅ ወቅት ይጨማደዳል፣ በዝናብ ያብጣል። እንቅስቃሴው ከዚህ ቢመጣ ስንጥቁ በደረቅ ጊዜ ተከፍቶ በእርጥብ ጊዜ ከፊሉን መመለስ ነበረበት። የጸዳው ንባብ ግን አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ በየሦስት ወሩ 0.3 ያህል እየጨመረ ሄዷል። ወቅትን ሳይለይ የሚቀጥል መስመጥ፣ ከአጠገቡም ማንሆልና የውሃ መውረጃ ሲኖር፣ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው የሚያፈስ ቱቦ ነው። ውሃው በአሸዋማ አፈር ውስጥ ደቃቁን እያጠበ ይወስዳል፤ በሸክላ ውስጥ ደግሞ አፈሩን ያለሰልሳል። ይህ ጥርጣሬ ነው እንጂ ውጤት አይደለም፤ መለኪያው እንቅስቃሴን እንጂ ምክንያትን አይለካም።

ሌላም የማይለካው ነገር አለ። የስንጥቅ መለኪያ የሚያሳየው አንዱ ወገን ከሌላው አንጻር መንቀሳቀሱን ብቻ ነው። ሕንፃው በሙሉ እኩል ቢሰምጥ ወይም እንዳለ ቢያዘነብል አራቱም ነጥቦች ዜሮ ሊያሳዩ ይችላሉ። ይህን የሚያሳየው በግድግዳው ዙሪያ በተተከሉ ምልክቶች ላይ በሌቭል መሣሪያ የሚደረግ የከፍታ ልኬት ነው፤ መነሻው ነጥብም ከሕንፃው ራቅ ባለና በማይንቀሳቀስ ቦታ ላይ መሆን አለበት።

አሁን ምን ይደረግ

በብሪታንያ የሕንፃ ምርምር ተቋም የጡብ ግድግዳ ጉዳት ምደባ መሠረት እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሰፋ ስንጥቅ በደረጃ 2 ውስጥ ይወድቃል፤ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያለው ደረጃ 3 ነው። ነጥብ ለ በ4.7 ሚሊ ሜትር ስፋቱ ገና ደረጃ 2 ነው፤ ሕንፃውን ለቆ መውጣት የሚያስፈልግበት ሁኔታ የለም። ይሁን እንጂ ደረጃው የሚለካው ዛሬ የደረሰውን ጉዳት ነው። እርምጃ የሚያስፈልገው አዝማሚያው ስለሆነ «ገና ደረጃ 2 ነው» ብሎ መተው ስህተት ነው።

መጀመሪያ ውሃው ይመርመር። ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ከማዕዘኑ አጠገብ መሬት ላይ የሚፈስ ከሆነ በዚያው ቀን በጊዜያዊ ቱቦ ራቅ ተደርጎ ይለቀቅ። የፍሳሽ መስመሩ በካሜራ ይታይ፤ ካሜራው የማያሳየውን መጋጠሚያ ለመፈተን የመስመሩ ታችኛው ጫፍ ተደፍኖ ውሃ ይሞላና ለግማሽ ሰዓት ከፍታው ይታይ። ውሃው በግልጽ ከወረደ መስመሩ ያፈሳል። ቀጥሎ በማዕዘኑ አጠገብ እስከ መሠረቱ ግርጌ የሚደርስ የመመርመሪያ ጉድጓድ ይቆፈር። የመሠረቱ ጥልቀት፣ ከሥሩ ያለው አፈር ጥንካሬ፣ ውሃ መኖር አለመኖሩና የዛፍ ሥር የሚታዩት በዚያ ነው። ጉድጓዱ ጠባብ ይሁን፣ ከመሠረቱ በታች አይውረድ፣ ታይቶ እንዳበቃ በንብርብር እየተጠቀጠቀ ይመለስ፤ ቀድሞውኑ ድጋፍ ያጣን ማዕዘን በሰፊ ቁፋሮ ማራቆት ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

ጎን ለጎን ነጥብ ለ በየሁለት ሳምንቱ ይነበብ፤ ከተቻለ በአንድ ሰው፣ በአንድ ካሊፐር፣ ፀሐይ ግድግዳውን ሳይመታው ጠዋት። በማዕዘኑ ዙሪያ የከፍታ ምልክቶችም ይተከሉ። ለሚያነበው ሰው ከቢሮ ሳይደውል የሚወስንበት ወሰን አስቀድሞ ይሰጠው። ለዚህ ሕንፃ ከሙቀት የጸዳው እንቅስቃሴ በአንድ ወር ከ0.2 ሚሊ ሜትር ካለፈ የስትራክቸር መሐንዲሱ በዚያው ሳምንት መጥቶ ይየው። በአንድ ሳምንት ከ0.5 ካለፈ፣ ወይም ሶሌታው ከተቀመጠበት ግድግዳ ሲሸሽ ከታየ፣ ወይም ጡብ መፈረካከስ ከጀመረ፣ በማዕዘኑ በኩል ያሉት ክፍሎች ይለቀቁና ሶሌታው በፑንቴሎ ይደገፍ። ይህ ወሰን ለሌላ ሕንፃ እንዳለ አይቀዳም፤ የግድግዳውን ውፍረትና ሶሌታው ምን ያህል እንደተቀመጠ ያየ መሐንዲስ ነው የሚያወጣው።

ስንጥቁን አሁን መሙላት አይገባም። እየሄደ ያለን ስንጥቅ በጠንካራ ሞርታር የሞላ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ከጎኑ አዲስ ያገኛል፤ ያለ ምክንያትም የ15 ወር መዝገቡን ያበላሻል። ቱቦው ተጠግኖ፣ አፈሩ ረግቶ፣ የጸዳው ንባብ ቢያንስ 6 ወር፣ የተሻለው ደግሞ አንድ ዓመት፣ ከ0.1 ሳይበልጥ ሲቆይ ጥገናው ይጀመራል። ያን ጊዜ ስንጥቁን የሚያቋርጡ 6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ጥምዝ የማይዝግ ብረቶች በጡቡ አግድም መጋጠሚያ ውስጥ ቦይ ተቆርጦ ይቀበራሉ፤ ከስንጥቁ በግራም በቀኝም 500 ሚሊ ሜትር ይዘልቃሉ፣ ወደ ላይ ደግሞ በየ300 እስከ 450 ሚሊ ሜትር ይደጋገማሉ። ቱቦው ተጠግኖም መስመጡ ከቀጠለ ብቻ ነው መሠረቱን ከሥር ስለ ማጠናከር የሚታሰበው። እሱም ቢሆን አንዱን ማዕዘን ብቻ አጠንክሮ ሌላውን እንደነበረ መተው የለበትም፤ የተጠናከረው ቆሞ ያልተጠናከረው ሲንቀሳቀስ ስንጥቁ ወደ ድንበራቸው ይዛወራል።

ነጥብ ሀ ደግሞ ሌላ ዓይነት አያያዝ ይፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ በ0.5 ሚሊ ሜትር የሚከፈትና የሚገጥም ስለሆነ በጠንካራ ነገር አይሞላም፤ በሚለጠጥ ማሸጊያ ይሞላል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስህተት አለ። 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ስንጥቅ እንዳለ በማሸጊያ ቢሞላ 0.5 ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ የስፋቱ ግማሽ ነው፤ 25 በመቶ ብቻ መለጠጥ የሚችል ማሸጊያ ይቀደዳል። ስንጥቁን ተከትሎ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆርጦ ቢሞላ ግን ያው 0.5 ሚሊ ሜትር የስፋቱ 5 በመቶ ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ይችለዋል። ማሸጊያው በጎንና በጎን ብቻ እንዲይዝ ከቦዩ ግርጌ የማይጣበቅ የስፖንጅ ገመድ ይቀበራል፤ በሦስት በኩል ከተያዘ መለጠጥ ስለማይችል ቶሎ ይላቀቃል።